ቢመሽም ልላከው

እንደምን አመሸሽ? መሽቶ ነው የጻፍኩልሽ፣
ፊት ለፊትማ አፌ ይተሳሰራል ሳይሽ።
መገናኛ ሰልፍ ላይ ከኋላሽ ቆሜ፣
"ደህና ነሽ" ለማለት አንሶብኝ አቅሜ፣
ረዳቱ ሲጣራ "የቀረን አንድ ሰው!"
አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኔ ቃሌን ልውጠው።

ያ ዝናብ የጣለ ለት "ና ተጠለል" ብለሽ፣
ጠባቧን ጃንጥላ ለኔ አካፍለሽ፣
የቀኝ ትከሻሽ ረጥቦ ሳየው፣
ልቤ ያኔ ሄደ፣ እስካሁን አንቺ ጋ ነው።

እወድሻለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ፣
(እናቴ ብትሰማ "አንተ ነህ?" ባለችኝ!)
ካልፈለግሽ ግዴለም፣ አትጨነቂብኝ፣
ብቻ ነገም ሰላም በይኝ፣ አትሽሺኝ።
ከፈቀድሽ ግን እሁድ ማኪያቶ እንጠጣ፣
ብቻሽን ካፈርሽም እህትሽም ትምጣ።