ክብሪቱ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው

የሬዲዮ ዝግጅት ጽሑፍ፣ «የተባለውና የሆነው»
ርዝመት፦ 7 ደቂቃ
ድምፆች፦ አቅራቢ (ነርስ)፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ እናት

(ድምፅ፦ የታክሲ ተራ ጫጫታ። ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» እያሉ ይጣራሉ። አንድ ነገር በኃይል መሬት ላይ ሲወድቅ ይሰማል።)

የሰዎች ድምፅ፦ ወደቀ! ኧረ ወደቀ! ክብሪት ያለው ሰው! ቶሎ ጫሩለት!

(ድምፅ፦ ክብሪት ይጫራል። ጫጫታው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።)

አቅራቢ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ይህን ጥሪ ሰምቶ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በትምህርት ቤት ግቢ አንድ ሰው ወድቆ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሐኪም ቀድሞ የሚጠራው ክብሪት ነው። የተባለው እንዲህ ነው፦ የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው የክብሪት ጭስ ያነሣዋል።

(አንድ ትንፋሽ ያህል ዝምታ።)

የሆነው ግን ሌላ ነው። ክብሪት ማንንም አንሥቶ አያውቅም። የወደቀው ሰው የሚነሣው በራሱ ጊዜ ነው። እኛ ክብሪት ስንፈልግ ደግሞ ሰውየው በእርግጥ የሚያስፈልገው ነገር ሳይደረግለት ያልፋል።

ተራ አስከባሪ፦ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይህን ለመቀበል ይከብደኛል። በምሠራበት ተራ ሰው ሲወድቅ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ክብሪት ጫርንላቸው። ሦስቱም ተነሡ።

አቅራቢ፦ ያየኸውን አይተሃል፣ ወንድሜ፤ አላስተባብልህም። እስቲ የመጨረሻውን ቀን አስታውሰኝ። ክብሪቱ ከየት መጣ?

ተራ አስከባሪ፦ ከማዶ ካለው ሱቅ። አንድ ሊስትሮ ሮጦ አመጣልን።

አቅራቢ፦ ወዲያው ደረሰ?

ተራ አስከባሪ፦ መንገዱን መሻገር አለበት። ሰውም ከብቦን ስለነበር በግድ ነው የገባው። የመጀመሪያውን ስንጭር ነፋሱ አጠፋብን። ሁለተኛውም ጠፋ። በሦስተኛው ጭሱን ወደ አፍንጫው ስናስጠጋ ረጋ አለ።

አቅራቢ፦ ሊስትሮው መንገድ ሲሻገር፣ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ፣ በሰው መካከል ሲጋፋ፣ ሁለት ክብሪት ሲጠፋ፣ በአጠቃላይ ስንት ደቂቃ ይሆናል?

ተራ አስከባሪ፦ (ያስባል) ሁለት ደቂቃ አያንስም። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ የዛሬው እውነታ ይህ ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ሰውን ጥሎ መላ አካሉን የሚያንቀጠቅጠው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ክብሪት ቢጫርም ያቆማል፤ ባይጫርም ያቆማል።

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። የሚጥለው ሕመም ሲነሣ እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ፣ ያለ ሥርዓት መልእክት ይለቃሉ። ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ከዚያም ይንቀጠቀጣል። ይህን ማዕበል የሚያበርደው አንጎሉ ራሱ ነው። በዚያች ሰዓት ሰውየው ሽታ የሚለይበት አእምሮ የለውም። ክብሪቱ ግን ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ተጭሮ አፍንጫው ሥር የሚደርሰው ማዕበሉ ሊበርድ ሲል ነው። ስለዚህ ምስጋናውን ሁልጊዜ ክብሪት ይወስዳል። አያቶቻችን የተሳሳቱት አስተዋይነት አጥተው አይደለም። የሆነውን በትክክል አይተዋል፤ በእጃቸው ሰዓት አልነበረም እንጂ።

ተራ አስከባሪ፦ እሺ፣ አይጠቅምም እንበል። ግን ምን ይጎዳል?

አቅራቢ፦ ይህን የሚመልሱልን እናት አብረውን አሉ። እናቴ፣ እርስዎ ይንገሩት።

እናት፦ ልጄ መጀመሪያ ሲወድቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ክብሪት የጫርኩለት እኔው ራሴ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም ጭንቅላቱን ያወዛውዛል። የላይኛው ከንፈሩ ላይ አቃጠልኩት። ጠባሳው ዛሬም አለ። እሱ አያስታውሰውም። እኔ ፊቱን ባየሁ ቁጥር አየዋለሁ።

(ዝምታ።)

አቅራቢ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ። ሌላም ጉዳት አለ። የክብሪት ራስ ድኝ አለበት፤ የድኝ ጭስ ደግሞ ጉሮሮንና የአየር ቧንቧን ያቃጥላል። ያንን የምንሰጠው ትንፋሹ በተጨነቀ ሰው ላይ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ጭሱን ለማስጠጋት ሰውየውን በጀርባው አስተኝተን ፊቱን ወደ ላይ እንይዛለን። አረፋውና ምራቁ መውጫ አጥቶ ወደ ጉሮሮው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ግን ሳልናገር የማላልፈው አለ። ክብሪት የሚጭር ሰው ቢያንስ ቀርቧል። አረፋው ይጋባል ብለው ሸሽተው ከሩቅ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። አይጋባም። አረፋው ምራቅ ነው። ቅረቡ፤ በባዶ እጃችሁ ቅረቡ።

ተራ አስከባሪ፦ እንግዲያው ነገ አንድ ሰው ፊቴ ቢወድቅ ምን ላድርግ?

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ሰዓትህን እይ፤ ስልክህም ይበቃል። ሰውን ገለል አድርግ፤ ድንጋይ ወይም ብረት አጠገቡ ካለ አንሣ። ጃኬትም ሆነ ነጠላ ያገኘኸውን አጣጥፈህ ከራሱ ሥር አድርግለት። አንገቱን ያጠበቀው ነገር ካለ ፍታ። እጁንና እግሩን ጨምድደህ አትያዝ። ማንኪያም ሆነ ጣት በጥርሱ መካከል አታስገባ፤ ምላስ አይዋጥም፤ የሚሰበረው ጥርስ ነው። መንቀጥቀጡ ሲረጋ፣ ቢቻልም ከዚያ በፊት፣ ወደ ጎኑ አዙረው። በደንብ እስኪነቃ ድረስ ውኃም ሆነ ምግብ አይቅመስ።

ተራ አስከባሪ፦ ሰዓቱን የማየው ለምንድን ነው?

አቅራቢ፦ አምስት ደቂቃ ከሞላ በራሱ ይቆማል ብለህ አትጠብቅም። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሳይነቃ ዳግመኛ ከጀመረው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ከተጎዳ፣ ወይም ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበት ከሆነም እንዲሁ። ሰዓት ያላየ ሰው ይህን ሊለይ አይችልም፤ ሁለት ደቂቃም በጭንቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይመስላል።

እናት፦ እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ መድኃኒት ጀመረ፣ በየቀኑ ይውጣል። አሁን እምብዛም አይጥለውም። ሲጥለው እኔ ወለሉ ላይ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ።

አቅራቢ፦ ሲነቃስ፣ እናቴ?

እናት፦ ሲነቃ የት እንዳለ ግራ ይገባዋል፤ ያፍራልም። ስለዚህ ስሙን እጠራዋለሁ፤ «ቤት ነህ፣ እኔ ነኝ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው» እለዋለሁ። የተሰበሰበ ሰው ካለም አስወጣለሁ። ያን ጊዜ ዓይኑ ይረጋል።

(ድምፅ፦ የግድግዳ ሰዓት ምት፣ ለአሥር ሰከንድ። ከዚያ የዝግጅቱ መዝጊያ ሙዚቃ።)