ከሰኔ 11 ወደ ኋላ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ የወር በወር ዕቅድ

ጥቅምት 14 ቀን 2019 ዓ.ም.

ዶ/ር፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ስንገናኝ መጀመሪያ የማስረከቢያውን ቀን ጽፌ ከዚያ ወደ ኋላ እንድቆጥር ነግረውኝ ነበር። እንደዚያው አድርጌ ሰሌዳውን ልኬልዎታለሁ። ርዕሱ አልተቀየረም፦ በአድአ ወረዳ አርሶ አደሮች ጤፍን በመስመር መዝራት እንዲቀበሉ ወይም እንዲተዉ የሚያደርጓቸው ምክንያቶች።

አንድ ነገር ላይ ግን ይሁንታዎን እፈልጋለሁ። የዲፓርትመንቱ የጊዜ ሰሌዳ መረጃ የሚሰበሰበው በታኅሣሥ ነው ይላል። እኔ ወደ ጥር ሁለተኛ አጋማሽ እንዲገፋልኝ እጠይቃለሁ። ምክንያቱን ጥር ላይ ስደርስ ዘርዝሬዋለሁ።

ሰኔ

የተጠረዘው ጽሑፍ ከነሶፍት ኮፒው ዓርብ ሰኔ 11 ይገባል። ይህ ቀን አይነቃነቅም። ከሰኔ 1 በኋላ ምንም የጽሑፍ ሥራ አልመደብኩም። ባንክ ቤት ሰኔ የዓመቱ ሂሳብ መዝጊያ ነው፤ ማታ አምሽተን ነው የምንወጣው፣ ፈቃድም አይሰጥም። ስለዚህ ሰኔ ለፊርማ፣ ለኅትመትና ለጥረዛ ብቻ ነው።

ግንቦት

ዲፌንሱን ሐሙስ ግንቦት 19 አካባቢ አስቤዋለሁ። ከዚያ እስከ ሰኔ 1 ያለው ጊዜ የፈታኞችን እርማት ለማስገባት ነው። ፈታኞቹ ጽሑፉን ለማንበብ ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ሐሙስ ሚያዝያ 28 ይመጣል። የተርኒቲን ምርመራውም ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ሚያዝያ

በወረቀት ላይ 30 ቀን ነው፣ በተግባር ግን ያን ያህል የለውም። ዘንድሮ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ 24፣ የአርበኞች ቀን 27 ላይ ይውላሉ። ከስቅለት እስከ አርበኞች ቀን ባለው ጊዜ እርስዎ ረቂቅ ያነብባሉ፣ እኔም አርማለሁ ብዬ ማቀድ ራሴን ማታለል ነው። ስለዚህ ሙሉው ረቂቅ እጅዎ የሚገባው ሐሙስ መጋቢት 30 ነው። አስተያየትዎን እስከ ሚያዝያ 14 ባገኝ፣ ከበዓሉ በፊት አንድ ሳምንት ለእርማት ይተርፈኛል። ሁለት ሳምንት ለማንበብ ካልበቃዎት አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ መጋቢትን አሳጥሬ ቀኑን አስቀድመዋለሁ።

መጋቢትና የካቲት

መጋቢት የምዕራፍ አራት ነው። ውጤቱንና ትንታኔውን እስከ መጋቢት 20 ጨርሼ ለብቻው እልክልዎታለሁ። ሙሉው ረቂቅ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ዋናውን ነገር እንዲያዩት ነው። ምዕራፍ አምስት አጭር ስለሆነ ቀሪዎቹ ቀናት ይበቁታል።

የካቲት መረጃውን የማጥራትና ስታታ ላይ የማስኬድ ወር ነው። እስከ የካቲት 12 ይጠራል፣ እስከ 30 የሎጂት ሞዴሉ ውጤት ይወጣል። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን ብዬ ነው ያሰላሁት።

ጥር

ሰሌዳው በሙሉ የተንጠለጠለው እዚህ ወር ላይ ነው።

በአድአ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከዚያ ክምርና ውቂያ ይከተላል። በዚያ ሰሞን አርሶ አደሩን አውድማ ላይ አቁመን አንድ ሰዓት ሙሉ ብንጠይቀው ለመገላገል ያህል ነው የሚመልስልን። ስንት ኩንታል አገኘህ ስንለውም ገና ያልተወቃ እህል በግምት ይነግረናል። የጥናቴ ዋና ቁጥር ደግሞ ይኸው ምርት ነው። ከጥምቀት በኋላ ግን እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ሰውም ቤቱ ይገኛል። አንድ ወር የምጠይቀው ለእኔ እንዲመቸኝ ሳይሆን መረጃው እውነተኛ እንዲሆን ነው።

ሦስቱ ቀበሌዎች በድምሩ 2,400 አባወራ አላቸው። በያማኔ ቀመር፣ በ7 በመቶ የስህተት ልክ፣ ናሙናው 188 ይሆናል።

`n = 2400 / (1 + 2400 × 0.07²) ≈ 188`

አምስት መረጃ ሰብሳቢዎች እያንዳንዳቸው በቀን አራት ቤት ቢያዳርሱ በቀን 20 ይሞላል። ከአራት በላይ አልመደብኩም፤ ከቤት ቤት ያለው መንገድ በእግር ነው። የዓመት ፈቃዴን ከሰኞ ጥር 17 እስከ ዓርብ ጥር 28 እወስዳለሁ። ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ስለሆነች ሥራ የለም። ቅዳሜ ጥር 22ን ጨምሬ አሥር የመስክ ቀን ይወጣኛል። የመጀመሪያው ቀን በግማሽ ቢሄድ እንኳ 190 ይሞላል። ቅዳሜ ጥር 29 ቤታቸው ያጣናቸውን መልሰን የምናገኝበት መጠባበቂያ ነው።

መረጃ ሰብሳቢዎቹ የቀበሌ የልማት ሠራተኞች እንዳይሆኑ እፈልጋለሁ። መንደሩን ያውቁታል፣ ወጪውም ይቀንስ ነበር። ነገር ግን በመስመር መዝራትን ሲያስተምሩ የኖሩት እነሱ ናቸው። አርሶ አደሩ ፊታቸው "ትቼዋለሁ" ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ኦሮምኛ የሚናገሩ ዲፕሎማ ያላቸውን ወጣቶች ከቢሾፍቱ አፈላልጋለሁ። ሥልጠናቸው ጥር 15 እና 16 ነው። ከዚያ በፊት፣ ቅዳሜ ጥር 8፣ መጠይቁን ናሙና ውስጥ በማይገባ ቀበሌ 15 አርሶ አደሮች ላይ እሞክረዋለሁ።

ታኅሣሥ፣ ኅዳር እና የቀረው ጥቅምት

መስኩ ወደ ጥር በመገፋቱ ታኅሣሥ ባዶ አይውልም። ምዕራፍ ሁለትን ሙሉ በሙሉ የምጨርሰው ያኔ ነው፤ እስከ ገና ዋዜማ አስረክብዎታለሁ። መጠይቁም በዚሁ ወር ወደ ኦሮምኛ ይተረጎማል፤ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ወደ አማርኛ ይተረጉመውና ሁለቱ ይመሳከራሉ። ከዚያ ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ ይጫናል። የአባወራዎቹን ስም ዝርዝርም ከቀበሌዎቹ የምቀበለው በታኅሣሥ ነው።

የፕሮፖዛል ዲፌንሱ ከኅዳር 23 እስከ 25 ባለው ጊዜ እንዲሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የተስተካከለውን ፕሮፖዛል ዓርብ ኅዳር 4 እልክልዎታለሁ። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጻፈውን የትብብር ደብዳቤ ፕሮፖዛሉ እንዳለፈ በዚያው ሳምንት ማስፈረም አለብኝ። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሳምንታት ይበላል። ለፈቃዴም በኅዳር ካላመለከትኩ ቅርንጫፉ ለጥር ሰው አይተካልኝም።

ቢዘገይስ?

መረጃው እስከ የካቲት 12 ካልጠራ የማስረከቢያውን ቀን አላራዝምም፤ ሥራውን አጠብባለሁ። ሁለተኛውን ዓላማ፣ ማለትም በመስመር መዝራት በገቢ ላይ ያመጣውን ለውጥ፣ አወጣዋለሁ። ለፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ 188 ናሙና ከመጀመሪያውም ሳሳ ያለ ነው። የመቀበል ጥያቄው ብቻውን በደንብ ከተሠራ ለማስተርስ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ይህን ውሳኔ በየካቲት ድካም ላይ ሆነን ሳይሆን ዛሬ ብንስማማበት ደስ ይለኛል።

ሦስት ነገር እንዲያረጋግጡልኝ እለምናለሁ፦ የመስክ ሥራው ወደ ጥር መዛወሩን፣ ሁለት ሳምንት ለንባብ ይበቃዎት እንደሆነ፣ ሁለተኛው ዓላማ በየካቲት 12 ሊወጣ መቻሉን። እስከ ዓርብ ጥቅምት 20 ቢመልሱልኝ፣ የጊዜ ሰሌዳውን በፕሮፖዛሉ ውስጥ አስተካክዬ ኅዳር 4 አብሬ እልከዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ተማሪዎ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ 2ኛ ዓመት፣ የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር