ምዕራፍ 5፦ ስጦታ፣ ግብዣ እና የጥቅም ግጭት

ይህ ምዕራፍ በድሬዳዋ መጋዘናችን፣ በከዚራው ቢሮና በጭነት መኪኖቻችን ላይ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ከጥበቃ እስከ ጠቅላላ ሥራ አስኪያጅ፣ ቋሚውም ኮንትራቱም እኩል ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል።

5.1 ለምን ተጻፈ

ድሬ ከባቡሩ ጋር ያደገች የንግድ ከተማ ናት። ነጋዴው ሳይጋብዝ አይሸኝም። የመጣ ስጦታ መመለስ ደግሞ ነውር ነው፤ «ናቀኝ» ያሰኛል። ይህን እናውቃለን፣ እኛም እዚሁ ነው ያደግነው። ስለዚህ ደንቡ የተጻፈው ሠራተኛው ብቻውን እንዳይጨነቅ ነው። «መሥሪያ ቤቴ አይፈቅድልኝም» በሉ። የሚቀየም ካለ በድርጅቱ ይቀየም።

5.2 የሚፈቀደውና የማይፈቀደው

ውሃ፣ ሻይ፣ ቡና ስጦታ አይባልም። በቀትር ፀሐይ ከረጢት ስትቆጥሩ የመጣላችሁን ቀዝቃዛ ለስላሳም ጠጡ። ሥራ ላይ አብራችሁ ከዋላችሁት ደንበኛ ጋር ተራ ምሳ መብላትም ይቻላል። ካላንደር፣ እስክሪብቶ፣ በዒድ የመጣ አንድ ካርቶን ሐልዋ ችግር የለበትም። ልኩ ከአንድ ሰጪ በዓመት በድምሩ 1,000 ብር ነው። ከዚያ ካለፈ ይመለሳል። ከልኩ በታች የሆነውም፣ ከሚበላና ከሚጠጣ በስተቀር፣ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ስጦታ መዝገቡ ላይ ይጻፋል።

ገንዘብ ግን ልክ የለውም፤ አንድ ብርም ቢሆን አይወሰድም። የሞባይል ካርድ ገንዘብ ነው። ነዳጅ መሙላትም ገንዘብ ነው። «ለጫት» ተብሎ እጅ ላይ የተጨበጠም ገንዘብ ነው። በቴሌብር ሳትጠይቁ ቢላክላችሁ በዚያው ቀን ወደ ላኪው ቁጥር መልሱ፣ መልእክቱን አታጥፉ፣ ለቅርብ አለቃችሁ አሳዩ። ጫኝና አውራጆች ይህን በተለይ ልብ በሉ፦ ባለጭነቱ ቶሎ እንዲራገፍለት የሚሰጣችሁ «የሻይ» ከኋላው የቆመውን ሹፌር ወረፋ መሸጥ ነው። ያ ሹፌር ከጅቡቲ ሲነዳ አድሮ ነው የመጣው።

ፕሮፎርማ ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ ውል እስኪፈረም ከተወዳዳሪዎቹ ምንም አይወሰድም። በዚያ ጊዜ ሻዩንም ራሳችሁ ክፈሉ።

መጠየቅ ከመቀበል ይብሳል። ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል መሄጃ መኪና፣ ለልጅ ሠርግ መዋጮ፣ ለዒድ በግ፣ ምንም ይሁን ምን ከአቅራቢ ወይም ከደንበኛ በቃልም በዝርዝርም አይጠየቅም። የጥሪ ካርድ መስጠት ክልክል አይደለም። ካርዱን ይዞ ፖስታ መጠበቅ ግን ክልክል ነው።

ቤት ድረስ ለሚመጣ ስጦታ ያለፈው ፋሲካ ያስተማረንን እንጽፋለን። አንድ የግዢ ሠራተኛችን ማታ ከሥራ ስትገባ ሙክት በሯ ላይ ታስሮ አገኘች። ያመጣው የባጃጅ ሹፌር ሄዷል፤ ለልጆቿ የነገራቸው የአቅራቢውን ስም ብቻ ነው። ልጆቹ ሣር አብልተውት፣ ስምም አውጥተውለታል። እሷ በዚያው ማታ ለአለቃዋ ደወለች። በነጋታው ሙክቱ መጋዘን ገባ፣ ተመዘገበ፣ ለአቅራቢው ደብዳቤ ተጻፈ። አልወስድም ሲል ታርዶ ለሠራተኛው ሁሉ ምሳ ሆነ። ልጆቿ ማልቀሳቸውን ነግራናለች፤ የከፈለችው ዋጋ ቀላል አልነበረም። አሁን የማይመለስና የሚበላሽ ስጦታ ሁሉ በዚሁ መንገድ ለጋራ ይውላል።

5.3 እኛም አንሰጥም

ለጉምሩክ፣ ለግብርም ሆነ ለሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ ለማስፈጸም ምንም አይሰጥም። ለመንግሥት ሠራተኛ ጉቦ መስጠትም መቀበልም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስከስሳል። ዕቃ ቢዘገይ ድርጅቱ ኪሳራውን ይችላል። «ስላልሰጠህ ነው የዘገየው» ብሎ ሠራተኛን የሚወቅስ አለቃ ራሱ ይጠየቃል።

5.4 የጥቅም ግጭት

ዘመድ መኖር ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ደብቆ መወሰን ነው። ወንድም፣ እህት፣ አማች፣ አበልጅ፣ የልብ ጓደኛ አቅራቢ ሆኖ ከመጣ፣ ወይም ሥራ ለመቀጠር ካመለከተ፣ ውሳኔው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ቅጽ ሞልቶ ከጉዳዩ ይወጣል። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ይመደባል። ዘመዱ አሸንፎ ውሉን ቢወስድ ማንም አይቃወምም።

ዕቁብን ለብቻ እንጽፈው፤ ብዙ ሰው አያስበውምና። ከአቅራቢያችን ጋር አንድ ዕቁብ የሚጥል የግዢ ሠራተኛ ያሳውቅ። አቅራቢው የደረሰውን ዕጣ «አንተ ውሰደው፣ እኔ ኋላ እወስዳለሁ» ካለው ያ ውለታ ነው። ውለታ ያለበት ሰው ፕሮፎርማ አያወዳድርም። ብድርም እንዲሁ ነው። ዕድርና ሰንበቴ ግን አይመዘገቡም፤ ሐዘን ላይ መድረስ የሰው ወግ ነው።

የጎን ሥራ ያለው፣ ለምሳሌ የራሱን ወይም የሚስቱን አይሱዙ የሚያሠራ፣ ያሳውቅ። መኪናው የእኛን ጭነት የሚጭነው ሥምሪቱን ሌላ ሰው ሲሰጠው ብቻ ነው።

5.5 ጥቆማና አፈጻጸም

ጥቆማ ለሰው ሀብት፣ ለውስጥ ኦዲተር ወይም በር ላይ ባለው ሳጥን ይቀርባል። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ጉዳዩ ጠቅላላ ሥራ አስኪያጁን የሚነካ ከሆነ በቀጥታ ለቦርድ ሰብሳቢ ይሄዳል።

ሦስት ሰው ያጣራል፦ ሰው ሀብት፣ ኦዲተርና ሠራተኞች የመረጡት አንድ ተወካይ። ከሦስቱ አንዱ የተከሳሹ ዘመድ ወይም የቅርብ አለቃ ከሆነ ይቀየራል። ተከሳሹ የተከሰሰበትን በጽሑፍ ያገኛል፣ መልስ ለመስጠት 5 የሥራ ቀን አለው፣ ምስክር ያቀርባል። ማጣራቱ በ15 የሥራ ቀን ያልቃል። ማንጠልጠል አንፈልግም፤ ሰው «ሌባ ነው» እየተባለ ካፌ መቀመጥ የለበትም።

መዝገብ ላይ መጻፍ የረሳ በመጀመሪያው የቃል፣ በሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ዝምድናውን ደብቆ የወሰነ ከግዢና ከሥምሪት ሥራ ይነሣል፤ ውሳኔውም እንደገና ይታያል። ገንዘብ የተቀበለ ወይም የጠየቀ ሠራተኛን ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ስንብት እናደርሳለን። አዋጁ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያቱ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ 30 የሥራ ቀን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ማንም አለቃ ፋይል ይዞ አይቀመጥ። በውሳኔው ቅር የተሰኘ በ10 ቀን ለቦርዱ ይግባኝ ይላል፤ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱም አይነካም። ሰጪው አቅራቢም አያመልጥም፤ ለአንድ ዓመት ፕሮፎርማ አይጠየቅም።

ራሱ ቀድሞ የተናገረ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከደንበኛ የተሰጠውን ስልክ ከአራት ወር በኋላ ይዞ መጣ፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። «ልመልሰው እያልኩ አፈርኩ» አለን። ስልኩ ተመለሰ፣ እሱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፈ፣ ዛሬም ከእኛ ጋር ይሠራል።

በጠቆመ ሰው ላይ ፈረቃ የቀየረ፣ ትርፍ ሰዓት የከለከለ ወይም ያስፈራራ ጉቦ እንደበላ ሰው ይታያል። ሆን ብሎ በሐሰት የጠቆመም ይቀጣል፤ ተሳስቶ የጠቆመ ግን አይቀጣም።

ስጦታ መዝገቡና ቅጹ ከዚራ፣ ሰው ሀብት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መጻፍ የሚከብደው ሠራተኛ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ይናገር። ይጻፍለታል፣ ተነቦለት ይፈርማል።