ሳሙናው ከምግብ በፊት ይምጣ
ባሕር ዳር፣ በጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕክምና መጠበቂያ ቦታ የሚቀርብ የጠዋት ትምህርት

እንደምን አደራችሁ? ካርድ አውጥታችሁ ተራ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ለአምስት ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡኝ። ስማችሁ ሲጠራ ተነሥታችሁ ግቡ፤ አልቀየምም።

እጅ ሳይታጠብ ማዕድ የሚቀርብ ሰው እዚህ መካከል የለም። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ማስታጠቢያውን ይዞ ይዞራል፤ ያደግንበት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከምግብ በፊት ውሃ ብቻ እናፈሳለን፤ ሳሙናው የሚመጣው ከበላን በኋላ፣ የወጡን ሽታ ለማስለቀቅ ነው። የወጥ ሽታ ማንንም አላሳመመም! የሚያሳምመው ከእጅ ወደ አፍ የሚገባው ነው። የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ሳሙናው ይቅደም።

ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ከዓይነ ምድር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሻገራሉ። ከእጃችን ቅባትና እድፍ ጋር ስለሚጣበቁ ውሃ ብቻውን አያስለቅቃቸውም። ሳሙና ቅባቱን ከቆዳ ያላቅቀዋል፤ ውሃው ያጥበዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ያው ነው።

እስቲ እዩኝ። (አስተማሪዋ በጆግ ውሃ እያስፈሰሰች ታሳያለች።)

መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መካከል። አውራ ጣትን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል፤ ጉርሻ የሚጠቀልለው ግን እሱ ነው። አሁን የጥፍሮቼን ጫፍ መዳፌ ላይ እፈትጋለሁ፤ የወስፋት እንቁላል ከአፈር ጋር ጥፍር ሥር ይገባል። ሳትቸኩሉ እስከ 20 ቁጠሩ፤ ከዚያ በሚወርድ ውሃ አለቅልቁት። ሁሉም አንድ ሳህን ውስጥ እጁን ከነከረ አንዱ የተወውን ሌላው ይወስዳል። ንጹሕ ፎጣ ከሌለ በቀሚስ ጫፍ ከመጥረግ አራግፎ ማድረቅ ይሻላል።

ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ፣ ምግብ ከመሥራታችሁና ከመብላታችሁ በፊት፣ ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት። ሕፃን ካጸዳችሁም በኋላ፤ «የሕፃን ነው፣ ምን አለው» ይባላል፣ ግን የሕፃን ዓይነ ምድርም ያው በሽታ ያስተላልፋል። ዓሣ የምታጸዱ ደግሞ ሰላጣውን ከመንካታችሁ በፊት ታጠቡ።

ሳሙና ተወዷል፣ አውቃለሁ። ጥቂት የዱቄት ሳሙና በውሃ ፕላስቲክ በጥብጣችሁ፣ ክዳኑን በስታችሁ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አንጠልጥሉት፤ ብዙ ቀን ይቆያል። ጭራሽ ከጠፋ ለጊዜው አመድ ይረዳል፤ ሳሙናን ግን አይተካም።

ጣና ውስጥ ገብታችሁ ለምትውሉ አንድ ነገር ልጨምር። ቢልሃርዚያን እጅ መታጠብ አይከላከለውም፤ ትሉ የሚገባው ውሃ በነካው ቆዳ በኩል ነው። ሆዳችሁን ካመማችሁ ወይም ሰገራችሁ ደም ከቀላቀለ፣ ሐይቅ እንደምትገቡ ለሐኪሙ ንገሩት።

የሰገራ ምርመራ የታዘዘላችሁ፣ ከላቦራቶሪው በስተቀኝ ቧንቧ አለ። ሳሙናው በሲባጎ ታስሯል፤ ያሰርነው ስለሚጠፋብን ነው፣ አትታዘቡን። ናሙናውን አስረክባችሁ ስትወጡ ታጠቡበት። ጥያቄ ያለው አለ?