የተንቀሳቃሽ ስልክ በባቲ ገበያ አነስተኛ ነጋዴዎች የግንኙነት መረብ ላይ ያመጣው ለውጥ፦ የጥናት ምክረ ሐሳብ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በልማት ጥናት ዘርፍ የቀረበ
የጥናቱ ጊዜ፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ 2019 ዓ.ም.

1. መነሻ

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ የሚውለው ገበያዋ የቆላው አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን፣ የደጋውና የወይና ደጋው ገበሬ ጤፉንና ማሽላውን፣ የከተማው ባለ ሱቅ ደግሞ ልብሱን፣ ስኳሩንና የቤት ዕቃውን ይዞ የሚገናኝበት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይነገርበታል። ሁሉም ነጋዴ ሦስቱንም ስለማይናገር፣ ደላላው ከአገናኝነቱ በተጨማሪ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚም፣ ዋስም ይሆናል።

በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ የከተማና የባለሥልጣን መገልገያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ዛሬ በየሳምንታዊው ገበያ የፍየል ነጋዴም የጉልት ነጋዴም እጅ ላይ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ሥራ ሲጀምሩ፣ ስልኩ ከወሬ ማመላለሻነት አልፎ የገንዘብ መያዣና ማስተላለፊያ ሆነ። ይህ ጥናት የሚጠይቀው ነጋዴው ስልክ በመያዙ አተረፈ ወይስ አላተረፈ ብሎ አይደለም። ስልኩ ከገባ ወዲህ ነጋዴው ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ ማንን እንደሚያምንና ማን ከመረቡ እንደወጣ ለማወቅ ያለመ ነው።

2. የችግሩ መግለጫ

ስለ ስልክና ስለ ገበያ ሲወራ አዘውትሮ የሚሰማው ሐሳብ ስልክ ደላላን ያስቀራል የሚል ነው። አምራቹ ዋጋውን በቀጥታ ካወቀ በመካከል የቆመው ሰው አያስፈልግም ይባላል። ይህ አስተሳሰብ የደላላውን ሥራ ዋጋ ከመናገር ጋር ብቻ ያያይዘዋል። የባቲ ደላላ ግን ዋጋ ከመናገር ያለፈ ሥራ አለው። የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ የፍየሉን ጤንነት፣ የተሸጠው ከብት የስርቆት አለመሆኑን፣ ቀሪው ገንዘብ በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚከፈል በስሙ ይመሰክራል። ዋጋ በስልክ ሊታወቅ ይችላል፤ ዋስትና ግን በስልክ መገኘቱ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልኩ ወሬ ባልነበረበት አገር አለመግባቱ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የዜና መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዜናው ከማን እንደተሰማ መጠየቅ ያለ ነው፣ የሰማም ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው። የዝናብ፣ የግጦሽ፣ የሰላምና የገበያ ወሬ በዚህ መንገድ ሲጓዝ ኖሯል። የመረጃ እጥረትን መነሻ አድርጎ የስልክን ጥቅም የሚለካ ጥናት ይህን ሥርዓት ካላየው የሚለካው ነገር ትክክል አይሆንም። በአጥኚው እምነት ዋናው ጥያቄ ዳጉ ለሚያገኘው ሁሉ የሚነገር፣ የስልክ ጥሪ ግን ለተመረጠ ሰው ብቻ የሚደረግ መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት ስልክ ለአንዳንዱ ነጋዴ ወሬን ሲያፈጥንለት ለሌላው ሊዘጋበት ይችላል።

3. ቀደምት ጥናቶች

በሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የሕንድ ኬረላ ዓሣ አጥማጆች ጥናት፣ ስልክ በመጣባቸው የባሕር ዳርቻዎች የዋጋ ልዩነት እንደጠበበና የሚጣለው ዓሣ እንደቀረ አሳይቷል። ጄኒ ኤከር በኒጀር የእህል ገበያዎች ላይ ባደረገችው ጥናት ስልክ በገበያዎች መካከል የነበረውን የዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ እንደቀነሰ ደርሳበታለች። ሁለቱም ሥራዎች ዋጋን ይለካሉ፤ ዋጋውን የፈጠረው የሰዎች ግንኙነት እንዴት እንደተለወጠ ግን ዋና ጉዳያቸው አልነበረም። ደግሞም ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ፍየል ግን ካልተሸጠ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ስለዚህ የኬረላን ውጤት ወደ ባቲ እንዳለ ማምጣት አይቻልም።

በአገራችን ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂጉዋ በገበሬዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ስልክ ያላቸው ገበሬዎች ብዙ ቢሆኑም ለገበያ መረጃ ፍለጋ የሚጠቀሙበት ጥቂቶች መሆናቸውን ጽፈዋል። ይህ ግኝት ለዚህ ጥናት በጣም ጠቃሚ ነው፣ ስልክ መያዝና ስልክን ለንግድ ማዋል አንድ አለመሆናቸውን ያስገነዝባልና። እሌኒ ገብረ መድኅን ስለ እህል ደላሎች ያጠናችው ደግሞ ደላላ በማይተዋወቁ ነጋዴዎች መካከል የፍለጋን ወጪ እንደሚቀንስ ያስረዳል። ጥናቱ የተደረገው ስልክ በየነጋዴው እጅ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ለትንተናው መነሻ የሚሆነው ንድፈ ሐሳብ የማርክ ግራኖቬተር የደካማ ትስስር አስተሳሰብ ነው። አዲስ ወሬ በብዛት የሚመጣው ከቅርብ ዘመድ ሳይሆን በሩቁ ከምናውቀው ሰው ነው የሚለው ይህ ሐሳብ፣ ዱቤ በዘመድና በጎረቤት በሚሰጥበት ገበያ ምን ያህል እንደሚሠራ ይፈተሻል።

4. የጥናቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ስልክ የነጋዴውን መረብ አሰፋው ወይስ የነበረውን አጠበቀው የሚል ነው። ነጋዴው በስልክ የሚገናኛቸው ሰዎች በገበያ ቀን ፊት ለፊት ከሚያገኛቸው ጋር አንድ ናቸው ወይስ ሌሎች? ሁለተኛው የደላላውን ሥራ ይመለከታል። ዋጋ የማወቅ ብልጫውን ካጣ በኋላ ገቢው ከየት ይመጣል፣ ሥራው ከዋጋ ነጋሪነት ይልቅ ወደ ዋስነት አድልቷል ወይ? ሦስተኛው በቴሌብርና በኤምፔሳ የሚደረግ ክፍያ የዱቤን ልማድ እንዴት እንደነካ ይመረምራል። ገንዘብ ወዲያው መላክ በሚቻልበት ጊዜ «ለሰኞ አደርሳለሁ» ማለት የሚያስከብር ነው ወይስ የሚያስጠረጥር? አራተኛው ከመረቡ ውጪ የቀሩትን ይፈልጋል፤ በተለይ በጉልት የሚሸጡ ሴቶችንና ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ፣ ስልካቸው ኔትወርክ የማያገኝ ሻጮችን።

አጥኚው የሚጠብቀው ውጤት በአጭሩ ይህ ነው፦ ዋጋ የመጠየቁ ሥራ ከሰኞ ወደ እሑድ ማታ ተሸጋግሯል፣ ሰኞ ይበልጥ የመረካከቢያና ሒሳብ የመዝጊያ ቀን ሆኗል፣ ዱቤ ግን እስካሁን የሚሰጠው ዓይን ለዓይን ለሚተያዩ ሰዎች ነው። ይህ ግምት ስለሆነ መረጃው ከተቃወመው እንደዚያው ተጽፎ ይቀርባል።

5. የጥናቱ ዘዴ

ጥናቱ በሦስት የንግድ ዓይነቶች ላይ ይወሰናል፤ እነሱም የፍየል ንግድ፣ የእህል ንግድና የሱቅ ሸቀጥ ናቸው። የግመል ንግድ የሚካሄደው ባብዛኛው በትልቅ ገንዘብና በሩቅ አገር ገዢዎች ስለሆነ ለብቻው መጠናት ያለበት ይመስለናል። ከእያንዳንዱ ዘርፍ 30 ነጋዴዎች፣ በጠቅላላው 90 ሰዎች ይመረጣሉ፤ ቢያንስ ሲሶው ሴቶች ይሆናሉ። በተጨማሪም 10 ደላሎች ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል።

የመረቡ መረጃ የሚሰበሰበው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ነጋዴው ባለፉት አራት ሰኞዎች ዕቃ የገዛበትን፣ የሸጠለትን፣ ዱቤ የሰጠውንና የተቀበለውን ሰው በቃሉ ይዘረዝራል። ቀጥሎ ፈቃደኛ ከሆነ የስልኩን የጥሪ ዝርዝር ራሱ እያየ፣ ቁጥር ሳይገልጽ፣ እያንዳንዱ ጥሪ የዘመድ፣ የደንበኛ፣ የደላላ ወይም የሌላ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱ ዝርዝሮች የሚለያዩበት ቦታ ለጥናቱ ዋናው መረጃ ነው፤ በቃል የተጠቀሰ ሰው በጥሪ ዝርዝሩ ላይ ካልተገኘ ከእሱ ጋር ያለው ንግድ ያለ ስልክ የሚካሄድ ሊሆን ይችላል።

ከ90ዎቹ መካከል 12 ነጋዴዎች ለ16 ሳምንታት ክትትል ይደረግባቸዋል። ብዙዎቹ በጽሑፍ መመዝገብ ስለማይመቻቸው ረዳት አጥኚው እሑድ ማታና ሰኞ ማታ እየደወለ የሠሩትን ይጠይቃል፣ ይመዘግባል። ክትትሉ ከየካቲት እስከ ግንቦት እንዲሆን የተመረጠበት ምክንያት በ2019 ዓ.ም. ረመዳን፣ ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካና አረፋ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለሚውሉ ነው። የፍየል ፈላጊ የሚበዛበትና የሚያንስበት ሰሞን በአንድ ላይ ከታየ፣ ነጋዴው ገበያ ሲጠብበት ለማን እንደሚደውል በግልጽ ይታያል።

ያለፈውን ዘመን በትውስታ ብቻ መጠየቅ አስተማማኝ አይደለም፣ ሰው የዛሬውን ልማድ ወደ ኋላ ወስዶ ይናገራልና። ስለዚህ አሮጌ የዱቤ ደብተር ያስቀመጡ ባለ ሱቆች ይፈለጋሉ፤ በደብተሮቹ ውስጥ ያሉት ተበዳሪዎች ከምን አካባቢ እንደነበሩ ከዛሬዎቹ ጋር ይነጻጸራል። ከዚህ ሌላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አካባቢው በደረሰበት ጊዜና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ንግዱ በምን መንገድ እንደቀጠለ ይጠየቃል። በኢንተርኔቱ መቋረጥ ያልተነካው ነጋዴ ብዛት ራሱ አንድ ግኝት ይሆናል፤ ተራ ቀፎ የያዘው ነጋዴ ጥሪ እስካለ ድረስ ለውጡን ላያስተውለው ይችላል።

መረጃው የሚተነተነው እያንዳንዱን ነጋዴ ማዕከል ባደረገ የመረብ ትንተና ነው። የግንኙነቶቹ ብዛት፣ የዝምድና ድርሻ፣ ቋንቋ የሚሻገሩት ግንኙነቶችና በደላላ በኩል የሚያልፉት ይቆጠራሉ። ቃለ መጠይቆቹ በየጭብጡ ተለይተው ከቁጥሩ ጋር ይነበባሉ።

6. ሥነ ምግባርና ውስንነት

ፈቃድ የሚጠየቀው በቃል፣ ተሳታፊው በሚመርጠው ከሦስቱ ቋንቋዎች በአንዱ ነው። የስልክ ቁጥር፣ ስምና የሒሳብ መጠን አይመዘገብም፤ ነጋዴዎቹ በመለያ ምልክት ብቻ ይጠቀሳሉ። የዱቤና የገቢ ጥያቄ ከግብር ጋር ሊያያዝ ስለሚችል፣ አጥኚዎቹ ከቀበሌም ከገቢዎችም ሠራተኛ ጋር አብረው ወደ ገበያው አይገቡም። የአስተዳደር ፈቃዱ አስቀድሞ በደብዳቤ ይጠየቃል። ሴት ነጋዴዎችን የምትጠይቀው ሴት ረዳት ትሆናለች፤ ስልኩ የባል ወይም የልጅ ከሆነም ማን እንደሚይዘው ለብቻዋ ትጠየቃለች።

አንድ ከተማና አንድ ዓመት ስለተያዘ ውጤቱ ለሌሎች ገበያዎች በቀጥታ አይሠራም። የጸጥታ ሁኔታ መንገድ ከዘጋ ቃለ መጠይቁ ወደ ስልክ ይዛወራል፤ ይህ ደግሞ ስልክ የሌላቸውን ስለሚያስቀር፣ በዚያ መንገድ የተሰበሰበው መረጃ ተለይቶ ይቀመጣል።

7. የጊዜ ሰሌዳና ወጪ

መስከረምና ጥቅምት ለፈቃድና ለረዳቶች ሥልጠና፣ ኅዳር ለሙከራ መጠይቅ፣ ታኅሣሥና ጥር ለ90ው ነጋዴዎች መረጃ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ለሳምንታዊው ክትትልና ለደላሎች ቃለ መጠይቅ ይውላሉ። ትንተናው ከሚያዝያ ጀምሮ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ጽሑፉ በሰኔ ይቀርባል።

ጠቅላላ ወጪው 148,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 72,000 ብር ለሁለት ረዳቶች ክፍያ፣ 38,000 ብር ለትራንስፖርትና ለማደሪያ፣ 16,000 ብር ለአየር ሰዓትና ክትትል ለሚደረግባቸው ነጋዴዎች የጊዜ ማካካሻ፣ 14,000 ብር ከአፋርኛና ከኦሮምኛ ለሚደረግ ትርጉምና ለጽሑፍ ቅጂ፣ 8,000 ብር ደግሞ ለመጠባበቂያ ተመድቧል። የረዳቶቹ ክፍያ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ድርሻ የያዘው አፋርኛ የሚናገር ረዳት ሳይኖር የፍየል ተራውን ግማሽ ማጥናት ስለማይቻል ነውና፣ በጀቱ የሚቀነስ ከሆነ ቅነሳው ከተሳታፊዎች ቁጥር ላይ እንዲሆን አጥኚው ይጠይቃል።