የውሃ መሸጫ ማሽን፦ ከጠባዩ ወደ ሰንጠረዡ

ውሃ በ15 ብር የሚሸጥ ማሽን አለን እንበል። የሚቀበለው 5 እና 10 ብር ብቻ ነው። «ሰርዝ» የሚል ቁልፍም አለው።

ይህ ማሽን ምን ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ በሰንጠረዥ ልናስቀምጥ ነው። ሰንጠረዡን ግን ለጊዜው እርሱት። ማሽኑ ማስታወስ ያለበት ምንድን ነው? ጀማሪ ብዙ ጊዜ የገባውን ብር ሁሉ በተራ ሊመዘግብ ይነሳል። አያስፈልግም። ሁለቴ 5 ቢገባም፣ አንዴ 10 ቢገባም ለማሽኑ ያው ነው፤ የሚቀረው 5 ብር ነው። ስለዚህ ሦስት ሁኔታዎች ይበቃሉ፦ ዜሮ፣ አምስት፣ አስር። አስራ አምስትስ? ሂሳቡ እንደሞላ ውሃው ይወርድና ወደ ዜሮ እንመለሳለን።

አሁን እያንዳንዱን ሁኔታ «ይሄ ቢመጣብህ ወዴት ትሄዳለህ?» ብለን እንጠይቅ።

| አሁን ያለበት | 5 ብር | 10 ብር | ሰርዝ |
|---|---|---|---|
| ዜሮ | አምስት | አስር | ዜሮ |
| አምስት | አስር | ዜሮ፤ ውሃ | ዜሮ፤ 5 ብር ይመልሳል |
| አስር | ዜሮ፤ ውሃ | ዜሮ፤ ውሃና 5 ብር መልስ | ዜሮ፤ 10 ብር ይመልሳል |

አስር ላይ ሌላ 10 የሚገባባትን ሳጥን እዩልኝ። በወሬ ስናስረዳ የምትረሳው እሷ ናት፤ የደንበኛው 5 ብር የሚበላውም እዚያ ጋ ነው። ዜሮ ላይ «ሰርዝ» ሲጫኑም ምንም አይፈጠርም፤ ቢሆንም ሳጥኑን ክፍት አትተዉት፣ «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉበት።