ከደንበኞች ቃል የተዘጋጀ የቤተሰብ መኖሪያ ቤት የምስል ፕሮምፕት

ይህ ፕሮምፕት የተጻፈው ደንበኞቻችን ባልና ሚስት በሁለት ቀጠሮ ተቀምጠን ስንነጋገር በቃል ከገለጹልን ፍላጎት ነው። በቤቱ እነሱ፣ ሦስት ልጆቻቸውና የባለቤትየዋ እናት አብረው ይኖራሉ። ከ«ቦታና ቅርጽ» በቀር በየርእሱ መጀመሪያ የተናገሩት ቃል እንዳለ ተቀምጧል፤ ቀጥሎ «ፕሮምፕት» ተብሎ የተጻፈው አንቀጽ ደግሞ ያ ቃል በምስል ሊታይ ወደሚችል ነገር ተለውጦ ወደ ምስል ማመንጫው የሚገባው ነው። «ደስ የሚል»፣ «ሞቅ ያለ» እና «ዘመናዊ» የሚሉት ቃላት በውይይቱ ደጋግመው ቢነሱም ሆን ብለን አስቀርተናቸዋል፤ ሁለቱ ደንበኞች እንኳ በእነዚህ ቃላት የተለያየ ቤት ያስቡ ነበርና። ምስል ማመንጫው «የመስታወት ግድግዳ አይኑር» ሲባል ብዙ ጊዜ መስታወቱን ይዞ እገዳውን ስለሚተው፣ የማይፈለገው ነገር ሁሉ በሚፈለገው ተተክቶ ተጽፏል።

ቦታና ቅርጽ

ፕሮምፕት፦ ወደ ምዕራብ ቀስ ብሎ በሚወርድ መሬት ላይ የተሠራ የቤተሰብ መኖሪያ ቤት። በስተ ምሥራቅ ጠባብ የሠፈር መንገድ፣ በስተ ምዕራብ አትክልት፣ ከአትክልቱ ጫፍ ወዲያ ሰፊ ሸለቆ። ቤቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረዥምና ቀጭን ነው፤ ግማሹ በምድር ብቻ ያረፈ፣ ሌላው ግማሽ አንድ ፎቅ የተጨመረበት ነው። ከሳሎኑ ወለል ወደ አትክልቱ ሁለት ሰፋፊ ደረጃዎች ይወርዳሉ።

ዘይቤ

ባለቤትየዋ፦ «መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ቤት አይሁን። ቀለል ይበል፣ ግን ባዶ እንዳይመስል።» ባለቤታቸው፦ «ልጆቹ አድገው ከወጡ በኋላም ጊዜው ያለፈበት እንዳይመስል እፈልጋለሁ።»

ባልየው በስልካቸው ያሳዩን አራት ፎቶዎች ሁሉም ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ነበሩ። ምናቸውን እንደወደዱ ስንጠይቃቸው ግን ስለ ጣሪያው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ያነሱት መስኮቶቹ ወደ ግድግዳው ዘልቀው መግባታቸውን ነበር። ስለዚህ ከፎቶዎቹ የተወሰደው ጥልቀቱ ብቻ ነው።

ፕሮምፕት፦ ሁለት ቀላል አራት ማዕዘን ቅርጾች፣ በሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ 30 ዲግሪ ተዳፋት ያለው ጣሪያ፣ ከግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ ክፍክፍ። መስኮቶቹ ከወርዳቸው ቁመታቸው የሚበልጥ፣ አናታቸው በአንድ መስመር የተስተካከለ፣ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው የተቀመጡ ናቸው። የቤቱ ጌጥ ድንጋይ፣ ልስንና እንጨት የሚጋጠሙባቸው ንጹሕ መስመሮች ናቸው።

ቁሳቁስ

ባለቤትየዋ፦ «እንደ ሕክምና ቤት ነጭ በነጭ አይሁንብኝ። ስነካው ድንጋይ መሆኑ፣ እንጨት መሆኑ ይታወቀኝ።»

ፕሮምፕት፦ የምድር ቤቱ ግድግዳ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዮቹ መጠናቸው እኩል ያልሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ማያያዣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥላ የያዘ ነው። የፎቁ ግድግዳ የአሸዋ ቀለም ባለው የኖራ ልስን ተለስኖ የልስን መምቻው ዱካ በጎን ብርሃን በስሱ ይታይበታል። ጣሪያው ደብዛዛ የሸክላ ክዳን ነው፤ ሸክላዎቹ በመጠኑ ይለያያሉ። የመስኮትና የበር ክፈፎች በዘይት የታሹ ጠንካራ እንጨት ናቸው፤ ዝናብ በሚያገኛቸው ቦታ ወደ ግራጫ ማድላት ጀምረዋል። የሳሎኑ የድንጋይ ወለል ሳይቋረጥ እስከ በረንዳው ጫፍ ይቀጥላል። ቤቱ ሦስት ዓመት የተኖረበት ይመስላል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከማንም አፍ በቀጥታ የወጣ አይደለም፤ ሆኖም ያለ እሱ ቁሳቁሱ ሁሉ ገና ከማሸጊያው የወጣ ይመስላል፤ ባለቤትየዋ የፈሩትም ይህንኑ ነው።

ብርሃን

ባልየው፦ «በመስታወት ይከፈት፤ ሸለቆውን ከውስጥ ላየው እፈልጋለሁ።» ባለቤትየዋ፦ «እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። እናቴ ግን የጠዋት ፀሐይ ሳያገኛት አትውልም።»

እዚህ ላይ ሦስት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ጠዋት ፀሐይ የምትገባበት ወገን ያው መንገደኛ የሚያልፍበት ወገን ነው፤ ሸለቆው የሚታይበት ወገን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ ዓይን የምትወጋበት ነው። ክፍክፉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ወደ መጥለቂያዋ የቀረበችውን ፀሐይ አይከልላትም፤ የሚከልላት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው። እናቲቱ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ክፍላቸው ፎቅ ላይ ወጥቶ ከመንገደኛ ዓይን እንዲያመልጥ ማድረግም አይቻልም። መፍትሔው በመንገዱና በክፍላቸው መካከል ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ግንብ የታጠረ ትንሽ የውስጥ ግቢ ነው፤ ፀሐይዋ በግንቡ አናት ላይ ትገባለች፣ ዓይን ግን አይገባም።

ፕሮምፕት፣ የጠዋት ብርሃን፦ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ያህል ሆኗታል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ብርሃኑ ከምሥራቅ በ2 ሜትር የድንጋይ ግንብ አናት ላይ አልፎ ወደ ትንሹ ግቢ ይወርዳል፣ ከዚያ በሰፊ መስኮት ገብቶ ወለሉ ላይና በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ያርፋል። የግንቡ የውስጥ ገጽ በአሸዋማ ቀለም ስለተለሰነ ብርሃኑን ለስልሶ ወደ ክፍሉ ኮርኒስ ይመልሰዋል።

ፕሮምፕት፣ የማታ ብርሃን፦ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ይቀራታል፤ ብርሃኗ ከምዕራብ ዝቅ ብሎ በአትክልቱ ላይ ረዣዥም ጥላ ይጥላል። የምዕራቡ ገጽ በ3 ሜትር ጥልቅ በረንዳና በበረንዳው ጠርዝ በተደረደሩ፣ ተንሸራታችና ቀጥ ብለው በቆሙ የእንጨት ርብራቦች የተሸፈነ ነው፤ ግማሾቹ ተዘግተው በድንጋዩ ወለል ላይ የጥላ መስመር ሠርተዋል፣ ግማሾቹ ተከፍተው ሸለቆውን ያሳያሉ። በውስጥ 2700 ኬልቪን የሆኑ ጥቂት መብራቶች በርተዋል፤ ብርሃናቸው ከውጭው ደብዘዝ ያለ ነው።

እይታ

ባለቤትየዋ፦ «ወጥ ቤት ቆሜ ልጆቹ ሲጫወቱ ማየት አለብኝ።»

ሦስት ምስሎች ይወጣሉ። ቤቱ አንድ ሆኖ እንዲቆይ የቦታው፣ የዘይቤውና የቁሳቁሱ አንቀጾች ቃል ሳይለወጥባቸው በሦስቱም ላይ ይደገማሉ፤ የሚቀያየሩት ብርሃኑና እይታው ብቻ ናቸው። ሁሉም ምስሎች ወርዳቸው ለቁመታቸው 3 ለ 2 ነው፤ የካሜራው ከፍታ የቆመ ሰው ዓይን፣ ማለትም 1.6 ሜትር፣ ቋሚ መስመሮቹም ቀጥ ያሉ ናቸው።

ፕሮምፕት፣ አንደኛው ምስል፦ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጀርባ ወደ ምዕራብ፣ በጠዋት ብርሃን፣ በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ። ከፊት የእንጨት ጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከመሃል ክፍት ሳሎንና በረንዳ፣ ከዚያ ሦስት ልጆች የሚሯሯጡበት አትክልት። ለቤቱ የቀረበው ሣር በቤቱ ጥላ ውስጥ ነው፤ የሸለቆው ማዶ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት አግኝታው ደምቋል።

ፕሮምፕት፣ ሁለተኛው ምስል፦ ከአትክልቱ ጫፍ ወደ ቤቱ፣ በማታ ብርሃን፣ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ። ፀሐይዋ ከካሜራው ጀርባ በስተ ግራ ናት፤ ቤቱ ከምስሉ ወርድ ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል።

ፕሮምፕት፣ ሦስተኛው ምስል፦ ከመንገዱ ማዶ ወደ ምዕራብ፣ በጠዋት ብርሃን፣ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ። የድንጋይ ግንቡ፣ አንድ የእንጨት በር፣ ከግንቡ በላይ የሸክላ ጣሪያውና ከውስጡ ግቢ ብቅ ያለ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ይታያሉ።